ሹራብ የለበሰው ላፕቶፕ

አክስቴ የወደደችውን ነገር ሳታለብስ አታድርም። ራዲዮኗ ሰማያዊ ሹራብ አለው፤ ቁልፎቹ በተሠራላቸው ቀዳዳ ብቅ ብለው ያያሉ። የውሃ ማሰሮዋ ቀሚስ ታጥቃለች። የበሩ እጀታ እንኳ ካልሲ አለው። «ለእጀታ ካልሲ ምን ያደርግለታል?» ብላችሁ ብትጠይቋት «ጠዋት ጠዋት ብረቱ እጅ ይነክሳል» ትላችኋለች፤ ጥያቄው ራሱ እያስገረማት። እኔም ትምህርት እስክጨርስ ድረስ አንገቴን በሚበላኝ የእሷ ሹራብ ነው ያደግሁት። ሲበላኝ ማከክ ነውር ነበር። እሷ ፊት ያከከ ሰው ፍቅሯን እንደ ገፋ ይቆጠራል።

ሠፈሩ «እትዬ ሹራብ» ይላታል። ባሏ ገና በልጅነቷ ሞቶባት አንዲት ልጇን ያሳደገችው በአንድ የእጅ ሹራብ መኪና ነው። መኪናው የሳሎኑን ግማሽ ይዞ ቁጭ ብሏል። እሷ እጀታውን ወዲያና ወዲህ ስትጎትተው ከላይ ክር ይገባል፣ ከታች የተማሪ ሹራብ እየረዘመ ይወርዳል። አንዱ ትምህርት ቤት ሰማያዊ፣ ሌላው ቡናማ፣ ሌላው አረንጓዴ ያዛታል። ብናኙ ደግሞ የትም ነው። በፀሐይ ጊዜ መስኮቱ ሲከፈት የክር ብናኝ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የተነሳ ሰው ጀርባውን ሳያራግፍ ከወጣ ከየት እንደ መጣ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ስለ አክስቴ ማወቅ ያለባችሁ ሁለተኛ ነገር፣ ወሬ ሲከርር ተነስታ መሄዷ ነው። አትጮህም፣ አትሳደብም፣ መልስ አትሰጥም። ሥራዋን አጠፍ ታደርግና ትነሳለች። እናቴ አንድ ቀን ልትቆጣት አፏን ከፍታ ዓረፍተ ነገሩን የጨረሰችው ለባዶ ወንበር ነው። ማግስቱን አክስቴ ምንም እንዳልተፈጠረ መጥታ «እንዴት አደራችሁ» አለች። «ዝም አይነቅዝም» ትላለች ሁልጊዜ። አይነቅዝ ይሆናል፤ ሌላውን ሰው ግን ያነቅዘዋል፤ እኔ እንደዚህ ነው የማስበው።

ልጇ ሚጣ «ላገባ ነው፣ ኑሮዬም ሩቅ ከተማ ሊሆን ነው» ብላ የነገረቻት ቀንም ይኸው ሆነ። አክስቴ ተነሳች፣ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ደርቆ ያደረውን ልብስ እንደገና አሰጣችው። ሚጣ ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ሠርጉ በሰላም አለፈ፣ እናትም መረቀች፣ ሁሉም ሳቀ። ያቺ ባዶ ወንበር ግን ከሚጣ ሆድ ውስጥ አልወጣችም።

ስትሄድ ላፕቶፗን ለእናቷ ትታላት ሄደች። ሦስት ነገር አስተማረቻት፦ መክፈት፣ ስልክ ሲጠራ አረንጓዴውን መንካት፣ ሲያልቅ ቀዩን መንካት። ከዚያ በኋላ እሑድ ከሰዓት የእነሱ ሆነ። በምስል እየተያዩ ያወራሉ። በዚያ ሰዓት አክስቴ ቤት የሚሄድ ሰው በሩ ላይ ይጠብቃል።

እኔ ላፕቶፕ ጠጋኝ ነኝ። ገበያው ጥግ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር እሠራለሁ። እሱን «ይሠራል» እያልን እንጠራዋለን፤ ምክንያቱም ማንኛውንም ማሽን አብርቶ መብራቱን ካየ «ይሠራል!» ብሎ ይመልሰዋል። ጥሩ ልጅ ነው፣ ችኩልነቱ ነው እንጂ። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነገር ካልገባኝ ምግብ አይወርድልኝም። ሰው ይህን «ወረኛነት» ይለዋል። እኔ ሙያ እለዋለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት አክስቴ ላፕቶፑን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ሱቃችን መጣች። ፊቷ ደህና አልነበረም።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«እሱ ምንም አልሆነም። ልጄ ናት የሆነችው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እያወራን ትዘጋብኛለች። ሁለት ወር አለፋት። ሰላም ብለን፣ ተጠያይቀን፣ ገና ወደ ቁም ነገሩ ስንገባ ድርግም። እሷም ትጠፋለች፣ ይህም ይጠፋል።»

«ይህም ይጠፋል ማለት? ላፕቶፑ ራሱ?»

«አዎ፤ ከነነፍሱ። በሰላም ስትሰናበተኝ እኮ መብራቱን አታጠፋም፤ እሷ ትሄዳለች፣ ይህ በርቶ ይቀራል። ሲከፋት ግን ሁሉንም ከዚያው አጥፍታብኝ ትሄዳለች።» ከዚያ «የእኔን ጠባይ ወርሳ ነዋ» አለች።

ሳቄን ዋጥ አደረግሁት። «አክስቴ፣ ሰው ከሌላ ከተማ ሆኖ የአንቺን ላፕቶፕ ማጥፋት አይችልም።»

«አንቺ ሁሉን ታውቂያለሽ» አለችኝ። የእሷ «ሁሉን ታውቂያለሽ» ምን ማለት እንደሆነ ዘመድ ሁሉ ያውቃል፤ ምንም አታውቂም ማለት ነው።

ይሠራል ላፕቶፑን ከእጄ ነጠቀኝና ጠረጴዛው ላይ አበራው። በራ። ዘፈን ከፈተበት፣ ቪዲዮ ከፈተበት፣ እኛ ሌላ ሥራ እየሠራን እስከ ምሳ ድረስ ተወው። ምንም አልሆነም። «ይሠራል!» አለ። እንዲያው ለይሉኝታ ብሎ በጎኑ በኩል ባለው የአየር መውጫ አቧራ መንፊያውን ብሎወር አስገብቶ ነፋበት። ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ፋን በነፋሱ ኃይል እንደ ፉጨት እየጮኸ ተሽከረከረ፤ ትንሽ አቧራ ብን አለ። «ቀስ! ፋኑን ሳትይዝ አትንፋ፣ ከልኩ በላይ ሲሽከረከር መሐሉ ይበላል» ብዬ ጮኽሁበት። ሰዓቱ ግን አልፎ ነበር።

አክስቴ «ጤነኛ ነው» የሚለውን የምስክር ቃል ይዛ ተመለሰች። ይህ ደግሞ የባሰ አደረገው። ላፕቶፑ ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ የሚጣ ነው ማለት ነው።

የሚቀጥለው እሑድም ጠፋ። እንዲያውም ከወትሮው ቀደም ብሎ። ማክሰኞ ለሚጣ ደወልኩላት። «እናትሽ አይደለችም የምትዘጋው፣ ማሽኑ ነው» ብዬ ገና ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

«አንቺ ደግሞ ልትሸፋፍኚላት ነው? ማሽኑን እኮ እናንተ አይታችሁት ‘ምንም የለበትም’ ብላችኋል። እሷ ራሷ እሑድ ሰላም ስንባባል ነግራኛለች።»

እውነቷን ነው።

«እናቴ ተነስታ የምትሄድበትን ሰዓት ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለች ሚጣ። «‘እማዬ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር’ ስል ነው። ድሮ በእግሯ ትሄድ ነበር፤ አሁን ክዳኑን መዝጋት በቂ ሆነላት።» ድምጿ ተሰበረ። «ሁለት እሑድ እሞክራለሁ፤ ሁለተኛው የመጨረሻዬ ነው። ከዘጋችብኝ የባሌን እናት ነው የምለምነው። ዳግመኛ አልጠይቃትም።»

«ምኑን ነው የምትለምኚው?»

«እሱን መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እውነተኛ መዝጋት እንደዚህ ነው።

እንግዲህ አስቡት። እናት ልጄ ዘጋችብኝ ትላለች፤ ልጅ እናቴ ዘጋችብኝ ትላለች፤ በመካከላቸው አንድ ላፕቶፕ አለ፤ ያንን ላፕቶፕ ደግሞ የእኛ ሱቅ ጤነኛ ነው ብሎ መስክሮለታል። በጣም ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን አንድ ነገር አእምሮዬን ይኮረኩረኝ ነበር። ማሽን የሰው ወሬ አይሰማም። ታዲያ ለምንድነው ሁልጊዜ ቁም ነገር ሲጀመር የሚጠፋው?

እሑድ ከሰዓት ሳልጠራ ሄድኩ። አክስቴ «ብቻዬን ሆኜ ነው የማወራት» ብላ ተቆጣች፤ ካሜራው በማያየኝ ጥግ እንደምቀመጥ ቃል ገባሁላት። ላፕቶፑን ልታመጣው ወደ መኝታ ክፍል ገባች። ይዛው ስትወጣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሹራብ ለብሷል። ግራጫ፣ ወፍራም፣ በልኩ የተሠራ። የቻርጀሩ መሰኪያ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ዙሪያውን በጥንቃቄ ተቀምቅሟል። ክዳኑ እንዲከፈት አንገት አለው። በጎንና በሥር ያለው የአየር መተላለፊያ ግን በሙሉ ከሹራቡ ሥር ነው።

«ይህ ምንድነው አክስቴ?»

«እንዳይበርደው ነው። አቧራም እንዳይገባው።»

«ሱቅ ስታመጪው ይህን አላየሁትማ!»

«ሰው ቤት ሲሄድ ቆሻሻ ልብስ ለብሶ ይሄዳል እንዴ? አውልቄ አጥቤው ነበር» አለች።

እኛ ጠረጴዛ ላይ እስከ ምሳ ድረስ የሠራው ራቁቱን ስለነበረ ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ይህ ነው። በባዶ ጠረጴዛ፣ በቀዝቃዛ ጠዋት፣ ሥሩ ክፍት ሆኖ ፈተንነው። የሚኖርበትን ኑሮ ግን አልጠየቅነውም። አክስቴ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ጉልበቷ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አነጠፈች፣ ላፕቶፑን ከነሹራቡ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችው። አስነስቼ ሹራቡን ላወልቅ እጄን ሳነሳ ጥሪው መጣ። «ተይ!» አለችኝና አረንጓዴውን ነካች።

ሰላምታው ተጀመረ። የእነሱን ሰላምታ ያልሰማ ሰው ሰላምታ ሰምቻለሁ አይበል። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና ነሽ፣ በጣም ደህና ነኝ፣ ባልሽስ፣ እሱም ደህና፣ እናቱስ፣ ጎረቤቶችሽስ፣ ያቺ እግሯን የታመመችው ሴትዮስ፣ ልጇስ አገኘ ሥራ። ከዚያ ደግሞ ከወዲያ በኩል እንደ አዲስ ይጀመራል። እኔ ጥጌን ይዤ ጆሮዬን ወደ ላፕቶፑ አቀናሁ። መጀመሪያ ፋኑ ቀስ ብሎ ተነሳ። በየደህና ነኙ እየጨመረ ሄደ። ጎረቤቶቹ ጋ ሲደርሱ ድምፁ ይንገጫገጭ ጀመር፣ የመሐል ማረፊያው እንደ ተበላ ያስታውቃል። የታመመችው ሴትዮ ጋ ሲደርሱ ጭራሽ ተንቆራጠጠና ዝም አለ። የሚጣ ምስል መጎተት ጀመረ፤ ከንፈሯ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ዘግይቶ ይደርሳል።

«እማዬ» አለች ሚጣ፣ ሰላምታውን ጨርሳ፣ ትንፋሽ ወስዳ። «አንድ ነገር ልነግርሽ...»

ድርግም።

አክስቴ ጥቁሩን መስታወት እያየች ቀረች። የራሷ ፊት ብቻ ነው የሚታያት። «አየሽ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

እጄን ከሹራቡ ሥር ሰደድኩ። ሥሩ አያስነካም። ወዲያው አበራሁት፣ በራና ተመልሶ ጠፋ። ያኔ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ገባኝ። ማሽኑ ቁም ነገር አይመርጥም። የእነሱ ሰላምታና የእሱ ሙቀት እኩል ይረዝማሉ፣ ይኸው ነው። ሰላም ሲባባሉ እየጋለ፣ እየጋለ ሄዶ ወሬው ወደ ቁም ነገር ሲዞር የመጨረሻው ልክ ላይ ይደርሳል። ላፕቶፕ ደግሞ አንጎሉ ከልክ በላይ ሲግል ተቃጥሎ ከመቅረት ብሎ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ራሱን ያጠፋል። እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። አክስቴን ቀና ብዬ አየኋትና የማላውቀው ሐዘን ያዘኝ። ወሬ ሲግል ተነስቶ መሄድ የተማረችው እሷም እንዳትቃጠል ይሆን እንዴ? እስከዚያች ቀን ድረስ ትዕቢት ነበር የሚመስለኝ።

«ልጅሽ አልዘጋችብሽም» አልኳት። «ታፍኖ ነው። ከታች አየር ይስባል፣ ከጎን ሙቀቱን ያስወጣል። አንቺ ደግሞ አፉንም አፍንጫውንም አለበስሽው።»

«እኔ እኮ እንዳይበርደው...»

«መብረድ ነው የሚፈልገው አክስቴ! ሥራው መብረድ ነው!»

ተነስታ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሄደችም። ሹራቡን በሁለት እጇ ቀስ ብላ ከላፕቶፑ ላይ አወለቀችው፤ የተኛ ልጅ ልብስ የምታወልቅ ይመስል። አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «እውነት እኔ ነኝ የዘጋሁባት?» አለች።

«ከእንግዲህ ጠንካራ ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው» አልኳት። ላፕቶፑን ይዤ ወጣሁ።

ሹራቡን በማውለቅ ብቻ የሚድን እንዳልሆነ የፋኑ ድምፅ ነግሮኛል። ማግስቱን ሱቅ ውስጥ ይሠራልን «ዛሬ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት» አልኩትና ገልብጬ ዊቶቹን ፈታሁ። የባትሪውን ገመድ መጀመሪያ ነቀልኩ። ፋኑን በጣቴ ሳዞረው ይንገዳገዳል፣ አንድ ቦታ ላይ ይይዛል። ግማሹ የዕድሜ ነው፤ ግማሹ የኛ ብሎወር ውለታ ነው። ከፋኑ አጠገብ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ሳህኖች አሉ፤ ፋኑ በእነሱ መካከል አየር እየነፋ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይገፋል። ፋኑን አነሳሁ። ጥርሶቹ አይታዩም። በእነሱና በፋኑ መካከል ወፍራም የተጠቀጠቀ ነገር ተለጥፏል፤ አቧራ አይደለም፣ ጨርቅ ነው ብትሉ ይቀላል። ከውጭ የተነፋው ነፋስ ምኑንም አላነቃነቀውም።

በወረንጦ ጠርዙን ይዤ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ሙሉውን ወጣ። መብራት ላይ ይዤ አየሁትና ሥራዬን ረሳሁ። ክር በክር የተደራረበ ብናኝ ነው፣ ቀለሙም በተራ ነው። ከብረቱ በኩል ሰማያዊ አለ፣ ያ መጀመሪያ የገባው ነው። ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ እንደገና ሰማያዊ። የየትኛው ትምህርት ቤት ሹራብ መቼ እንደ ተሠራ ቁጭ ብዬ ላነበው እችል ነበር። እሷ ማታ ማታ የሚጣን ፎቶዎች ላፕቶፑ ላይ ከፍታ እያየች ነው የምትሠራው፤ ማሽኑም አጠገቧ ሆኖ የሠራችውን ሁሉ ሲተነፍስ ከርሟል።

በፋኑ በኩል፣ የመጨረሻው ንብርብር፣ በቅርብ የገባው፣ ቢጫ ነው።

ፈዛዛ ቢጫ። ጣቴ መካከል አሸሁት። እንደ ሌላው አይሻክርም፣ ጭራሽ የሌለ ያህል ነው። በሠፈራችን ቢጫ ሹራብ የሚያለብስ ትምህርት ቤት የለም። እንደዚያ ያለ ለስላሳ ክር ደግሞ አክስቴ የምትገዛው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንገቱ እንዳይበላው ለምትሳሳለት፣ ማከክ እንኳ ገና ለማያውቅ ሰው። ሚጣ «የባሌን እናት ነው የምለምነው» ያለችው ትዝ አለኝ። ሚጣ ምን ልትናገር እንደሆነ ገባኝ። አክስቴ ደግሞ ሳይነገራት ቀድማ አውቃ፣ የሆዷን በሆዷ ይዛ፣ ተደብቃ ስትሠራ ከርማለች። ሁለቱም ያንኑ አንድ ወሬ ይዘው፣ አንዷ ለመናገር ሌላዋ ለመስማት እየጓጉ፣ በየእሑዱ እየተቋረጡ ነበር።

ዓይኔ ሞላ። ይሠራል «አለርጂ አለብሽ እንዴ? ማስክ አድርጊ» አለኝ። «አዎ አለርጂ ነው» አልኩት።

ወዲያው ለሚጣ ልደውል ስልኬን አነሳሁ። እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ይዤ አንድ ቀን ማደር የምችል ሰው አይደለሁም። ግን የማን ወሬ ነው? ብናኙን በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ጥገና ሁሉ የከበደኝ ይህ አፍን መያዝ ነው።

የሙቀት መውሰጃውን ብረት ዊቶች በመስቀለኛ እየተዘዋወርኩ ቀስ በቀስ ፈታሁ። በእሱና በማሽኑ አንጎል፣ በፕሮሰሰሩ፣ መካከል ያለው ፔስት፣ ሙቀት አሻጋሪው ቅባት፣ ደርቆ፣ ነጭ ሆኖ፣ እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም ይረግፋል። ይህ ሲደርቅ ሙቀቱ ከአንጎሉ ወደ ብረቱ መሻገሪያ ያጣል፤ ፋኑ ቢነፋም የሚነፋው ያልደረሰውን ሙቀት ነው። በአልኮል እስኪያበራ ጠረግሁት። በሱፍ ሳይሆን ብናኝ በማይተው ጨርቅ። አዲሱን ፔስት የሩዝ ፍሬ ታክል መሐሉ ላይ ጠብ አደረግሁ፤ ይሠራል «ጨምሪበት እንጂ» ሲል ዓይኔን አፈጠጥኩበት። ብረቱን ስጭነው ራሱ ይዘረጋል። ጥርሶቹን በብሩሽ አጸዳሁ። ፋን ደግሞ እናት ሰሌዳው፣ ማዘርቦርዱ፣ ከተቃጠለ ተመሳሳይ ማሽን ላይ ነቅዬ፣ አዙሬ፣ አዳምጬ ገጠምኩለት።

በዚህ ጊዜ በጠረጴዛ ፈተና አልተታለልኩም። ከባድ ከባድ ሥራ አዘዝኩት፣ ቪዲዮ ላይ ቪዲዮ ከፈትኩበት፣ የሙቀቱን ቁጥር እያየሁ ተቀመጥኩ። ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ከአደጋው ልክ ብዙ ዝቅ ብሎ ቆመ። እጄን በጎኑ ባለው መውጫ ፊት ለፊት አደረግሁት። ሞቅ ያለ ነፋስ መዳፌን መታው። ይሠራል አጠገቤ መጥቶ አፉን ሊከፍት ሲል «አትበል!» አልኩት። «እሑድ ከሰዓት ነው የሚባለው።»

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። አክስቴ ከእኔ ቀድማ ተዘጋጅታለች። ብርድ ልብሱ ተሰውሯል። ከሹራብ መኪናው ርቆ፣ መስኮቱ ሥር፣ ትንሽ የእንጨት ጠረጴዛ ቆሟል። «ጠንካራ ቦታ ብለሻል፤ ይኸው» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የጠረጴዛው አራት እግሮች አራት ግራጫ ካልሲ አድርገዋል። የላፕቶፑን ሹራብ ፈትታ የሠራችው ነው።

«ይኸስ ያፍነዋል?» አለች በስጋት።

«ይህ አያፍነውም አክስቴ። ይህ ይፈቀዳል።»

ስትሠራ እንዳትከፍተው፣ ብናኙ ሲጠረግ ራቅ እንድታደርገው፣ ከጥቂት ወር በኋላ ለጽዳት እንድታመጣልኝ ነገርኳት። «ራቁቱን?» አለች። «ራቁቱን» አልኳት። ልማዱን መተው እንደሚከብዳት ፊቷ ላይ ይነበባል።

ጥሪው መጣ። ሰላምታው ተጀመረ። በዚህ ጊዜ እኔም ጥጌ ላይ ሆኜ እያንዳንዷን ደህና ነሽ እየቆጠርኩ ነበር ማለት ይቻላል። ባልሽስ። እናቱስ። ጎረቤቶችስ። አክስቴ ወደ ልጇ እያየች አንድ እጇን በላፕቶፑ ጎን፣ ነፋሱ በሚወጣበት፣ ዘርግታ ይዛለች። ያን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ «ነፋሱ ካለ አይጠፋም» ብያት ነበር። የታመመችው ሴትዮ ጋ ደረሱ። ፋኑ ይነፋል፤ አይንገጫገጭም። ሴትዮዋ ድናለች፤ ልጇ ሥራ አግኝቷል። ሰላምታው አለቀ።

ሚጣ አልተናገረችም። ሊጠፋባት የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው ፊቷ። አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብላ በሹክሹክታ «ዛሬ አይጠፋም?» አለችኝ።

«አይጠፋም።»

«እማዬ» አለች ሚጣ። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

የአክስቴ ጉልበት ሲንቀሳቀስ አየሁ። ልትነሳ መሰለኝ። ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ሥር አንድ ከረጢት አወጣችና ጉልበቷ ላይ ያዘችው። «ንገሪኝ» አለች። «አለሁ። የትም አልሄድም።»

ሚጣ ነገረቻት። አምስተኛ ወሯ ነው። ፈርታለች። እናቷ አጠገቧ እንድትሆን ትፈልጋለች፤ ስትወልድም፣ ከወለደችም በኋላ። «ባትፈልጊ ይገባኛል፣ ግን...» ስትል እንባዋ መጣና ቀሪውን ዋጠው።

አክስቴ ከረጢቱን ከፈተች። አንድ ትንሽ ቢጫ ሹራብ አወጣች፣ ከዚያ ኮፍያ፣ ከዚያ ጣት የምታክል ጥንድ ካልሲ። አንድ በአንድ ካሜራው ፊት ያዘችላት።

ሚጣ አፏን በእጇ ያዘች። «ማን ነገረሽ?»

«ያኔ ውሃ ልጠጣ ብለሽ ስትነሺ አየሁሽዋ። ወገብሽን ይዘሽ ተነሳሽ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ከአንቺ አፍ ልሰማው ፈልጌ ነው» አለች አክስቴ። «ስትዘጊብኝ ግን እናቴን አትፈልግም ማለት ነው ብዬ... መሥራቱን ግን አልተውኩም።»

«እኔ አልዘጋሁብሽም! አንቺ ነሽ የዘጋሽብኝ!»

«እኔም አልዘጋሁብሽ፤ ሹራብ አልብሼው ታፍኖ ነው!»

ሚጣ ይህን ስትሰማ እንባዋን ሳትጠርግ ከት ብላ ሳቀች። አክስቴም ሳቀች። ከዚያ ያወሩትን ሁሉ አልነግራችሁም፤ ግማሹን ራሴም አልሰማሁትም፣ ጥግ ሆኜ አፍንጫዬን ስናፈጥ ነበር። ፀሐይ ከመስኮቱ ላይ ወርዳ እስክትሄድ አወሩ። መቼ እንደምትመጣ፣ ምን ይዛ እንደምትመጣ፣ የሹራብ መኪናው እንደማይጫን ተስማሙ። ላፕቶፑ አንድም ጊዜ አልተንተባተበም።

በመጨረሻ ሚጣ «እሺ እማዬ፣ ደህና ሁኚ፣ እወድሻለሁ» አለችና ከወዲያ በኩል ዘጋችው። ምስሏ ሄደ። ማሽኑ ግን በርቶ ቀረ፤ መስታወቱ ላይ ሚጣ የድሮ ፎቶዋ ውስጥ ትስቃለች፣ ነፋሱም ከጎን ይወጣል።

አክስቴ እጇን ከነፋሱ ፊት ሳታነሳ ለረጅም ጊዜ መብራቱን እያየች ተቀመጠች። ስለ ፋን፣ ስለ ፔስት፣ ስለ ሙቀት ልክ ያስረዳኋት ሁሉ ከንቱ ነበር።

«አየሽ?» አለችኝ። «መብራቱን አላጠፋችብኝም። በሰላም ነው የሄደችው።»

«አዎ አክስቴ» አልኳት። «በሰላም ነው የሄደችው።»